አንደኛው ቀን የትኛው ነው?

የወር አበባ መዝገብ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው መጀመሪያው ላይ ነው። አንደኛ ቀን የሚባለው ሞዴስ የሚያስፈልገው ደም የፈሰሰበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት የውስጥ ልብስ ላይ ብቻ የሚታይ ቡናማ ጠብታ ካለ ይጻፋል፤ ግን «ጠብታ» ተብሎ እንጂ አንደኛ ቀን ተብሎ አይደለም።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አንዲት ሴት መስከረም 4 ደም ፈሰሳት እንበል። መስከረም 29 ጠብታ አየች፣ ጥቅምት 2 በደንብ ፈሰሰ፣ ቀጣዩ ደግሞ ጥቅምት 30 መጣ። ከፍሰት እስከ ፍሰት ሲቆጠር ሁለቱም ዑደቶች 28 ቀን ናቸው። ጠብታውን አንደኛ ቀን ካለችው ግን አንዱ 25፣ ሌላው 31 ይሆናል፤ የተስተካከለው ዑደት የተዛባ መስሎ ሐኪሙ ፊት ይቀርባል። ሐኪሙ ማየት ያለበት ከፍሰት በፊት ለሦስት ቀን የቆየው ጠብታም ተደብቆ ይቀራል።

የደሙን መጠን «ብዙ» ወይም «ትንሽ» ብሎ መጻፍ ብዙም አይረዳም፤ የአንዷ ብዙ ለሌላዋ ትንሽ ነውና። በየቀኑ ስንት ሞዴስ እንደተቀየረና ሲቀየር ምን ያህል እንደራሰ ይጻፍ፦ «5 ሞዴስ፣ 3ቱ ሙሉ በሙሉ የራሱ፣ ሌሊት አንዴ ተነስቼ ቀየርኩ»። ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል፤ ንጽህና ፈልጋ ቶሎ ቶሎ የምትቀይር አለች። የረጋ ደም ከወጣ ስፋቱን በግምት መጻፍ ነው፤ ከ2.5 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ መታወቅ አለበት። አንድ ሞዴስ በሰዓት ውስጥ እየሞላ ለተከታታይ ሰዓታት ከቀጠለ ግን መዝገቡን ትቶ ወዲያው መታከም ነው።

ሕመሙ ከ10 ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን መቼ ጀምሮ መቼ እንደተወ ይጻፍ። ከደሙ ጋር ጀምሮ በሁለት ሦስት ቀን የሚለቅ ቁርጠት የተለመደው ዓይነት ነው። ከቀናት በፊት ጀምሮ ደሙ ካቆመ በኋላም የሚቆይ፣ ወይም በግንኙነትና በሰገራ ጊዜ የሚብስ ሕመም ሐኪሙን ወደ ሌላ ምርመራ ይመራዋል። የተወሰደው ማስታገሻ ስምና ሰዓትም አብሮ ይግባ፤ አይቡፕሮፌን ተውጦ የተጻፈ «3» እና ያለ መድኃኒት የተጻፈ «3» አንድ አይደሉም። የእርግዝና መከላከያ የተጀመረበት፣ የተዘለለበት ወይም ድንገተኛው የተወሰደበት ቀንም እንደዚሁ ነው፤ ሦስቱም ደሙን ከጊዜው ውጪ ሊያመጡት ይችላሉ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ምንም ያልታየበትን ቀን ነው። ባዶ የተተወ ቦታ «ደም አልነበረም» ይሁን «መጻፍ ረሳሁ» ከሐኪሙ ወገን አይለይም። ስለዚህ ደም ከሌለ 0፣ ከተረሳ ደግሞ ሰረዝ ይደረግ። ከሳምንት በኋላ አስታውሶ መሙላት ግን ባይሞከር ይሻላል።