ሦስት ጊዜ ምልክት የቀየረው ግራፍ

ዛሬ ማታ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ካልኩለስ ስንሠራ አመሸን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጥያቄው የ f(x) = x/(x²−1)ን ግራፍ ንደፉ ይላል። እሷ ከሄደች በኋላም ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለ እዚህ ልጻፈው።

ይህን ራሽናል ፈንክሽን የምወደው የመጀመሪያው ደሪቬቲቭ ብዙ ስለማይናገር ነው። f′(x) = −(x²+1)/(x²−1)² ይሆናል። ላዕሉ ላይ ያለው x²+1 መቼም ዜሮ አይሆንም። ታህቱ ስኩዌር ስለሆነ ፖዘቲቭ ነው። ፊት ለፊቱ ደግሞ ማይነስ አለ። ስለዚህ ግራፉ ባለበት ሁሉ ይወርዳል፤ ማክሲመምም ሚኒመምም የለውም። ግን እንዴት ነው የሚወርደው? እየቆመ ነው ወይስ እየተኛ? ይህን የሚነግረን ሁለተኛው ደሪቬቲቭ ነው።

በኮሸንት ሩል ሲሠራ ታህቱ ላይ (x²−1)⁴ ይመጣል። ላዕሉም ውስጥ አንድ (x²−1) ስላለ ተሰራርዘው ይህ ይቀራል፦

f″(x) = 2x(x²+3)/(x²−1)³

ሁሉን የምትወስነው ታህቱ ላይ ያለችው ፓወር 3 ናት። ፓወሩ 4 ሳለ ታህቱ ሁሌ ፖዘቲቭ ነበር። 3 ሲሆን ግን የ x²−1ን ምልክት ይዞ ይቀራል፤ በ −1 እና በ 1 መካከል ኔጋቲቭ ነው። ብዙ ተማሪ ከ f′ የለመደውን ይዞ «ታህቱ ፖዘቲቭ ነው» ብሎ ያልፋል። ያኔ ከ 0 እስከ 1 ያለው ክፍል ኮንኬቭ አፕ ይወጣለታል። ስህተቱን ለመያዝ ስሎፑን ማየት ይበቃል። x = 0 ላይ ስሎፑ −1 ነው፣ x = 1/2 ላይ −2.2 ገደማ፣ ወደ 1 ሲጠጋ ደግሞ ቁልቁል ይምዘገዘጋል። ስሎፑ እየቀነሰ ነው፤ እንግዲህ ኮንኬቭ ዳውን መሆን አለበት።

ምልክቱን በየክፍሉ ስናይ ከ −1 በስተግራ ኔጋቲቭ፣ ከ −1 እስከ 0 ፖዘቲቭ፣ ከ 0 እስከ 1 ኔጋቲቭ፣ ከ 1 በኋላ ፖዘቲቭ ሆነ። ልጅቷ ቻርቱን ትኩር ብላ አየችውና «ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ከተቀየረ ሦስት ኢንፍሌክሽን ፖይንት አለው ማለት ነው?» አለችኝ።

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። «x = 1 ላይ እስክሪብቶሽን የት ታሳርፊያለሽ?» አልኳት። ማሳረፊያ የለም። ከግራ ሲመጣ ግራፉ ወደ −∞ ይወርዳል፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ከ +∞ ይጀምራል። ኢንፍሌክሽን ፖይንት ግራፉ ላይ ያለ ነጥብ ነው። x = 1 እና x = −1 ከዶሜኑ ውጭ ስለሆኑ እዚያ ነጥብ የለም፤ ቨርቲካል አሲምፕቶት እንጂ። ቻርቱ ላይ እንደ መለያ ይገባሉ፣ መልሱ ውስጥ ግን አይገቡም። የሚቀረው (0, 0) ብቻ ነው።

እሱንም ቀረብ ብለን አየነው። እዚያ ያለው ታንጀንት y = −x ነው። x = 1/2 ላይ ታንጀንቱ −1/2 ሲሆን ግራፉ −2/3 ነው፤ ከታንጀንቱ በታች ወርዷል። x = −1/2 ላይ ታንጀንቱ 1/2፣ ግራፉ 2/3 ነው፤ ከበላይ ነው። ግራፉ ታንጀንቱን አቋርጦ ያልፋል። ስሎፑ −1 መሆኑንም ልብ ይሏል። ኢንፍሌክሽን ላይ ግራፉ የግድ መተኛት ያለበት የሚመስላቸው አሉ፤ x³ን ብቻ ስለለመዱ ነው።

ከዚያ አንዲት ምልክት ቀይሬ g(x) = x/(x²+1)ን ሰጠኋት። g″(x) = 2x(x²−3)/(x²+1)³ ይወጣል። አሁን ታህቱ ዜሮም ኔጋቲቭም አይሆንም፣ ዶሜኑም ሙሉ ነው። ምልክቱ በ 0፣ በ √3 እና በ −√3 ይቀየራል። እዚህ ሦስቱም እውነተኛ ናቸው።

ሳይሰሉም መጠርጠር ይቻላል። ግራፉ x = 1 ላይ ጫፉ ይደርሳል፣ ቁመቱ 1/2። ጫፉ ጋ ኮንኬቭ ዳውን ነው። በቀኝ በኩል ግን ወደ y = 0 እየተጠጋ መተኛት አለበት፤ ለዚያ ኮንኬቭ አፕ መሆን ግድ ነው። ስለዚህ ከ 1 በኋላ የሆነ ቦታ መታጠፍ አለበት። ቦታው 1.73 አካባቢ ነው፣ ቁመቱ 0.43። ከጫፉ ገና ትንሽ ነው የወረደው። በእጅ ስንነድፍ አብዛኞቻችን መታጠፊያውን ወደ x አክሲስ አስጠግተን እንስለዋለን። እሷም እንደዚያ ጀምራ ነበር፤ ነጥቡን ቀድማ ካስቀመጠች በኋላ ግን መስመሩ በትክክል መጣላት።