በአይኤልትስ ሊስኒንግ መጀመሪያ የተሰማችሁን ቁጥር አትመኑ

ምዝገባውም ሆነ የፓስፖርት ቁጥጥሩ ያለ ችግር ያለፈ ቢሆንም፣ ሊስኒንጉን ግን እስከ ዛሬ ሳስታውስ እበሳጫለሁ። የማጠናከሪያ ትምህርት አስተማሪያችን መልሱን ወረቀት ላይ እየጻፋችሁ ቆዩ፣ በመጨረሻ መገልበጫ አሥር ደቂቃ ይሰጣችኋል ሲለን ነበር። አሥሩ ደቂቃ የወረቀት ፈተና ነው፤ በኮምፒውተር ለሚፈተን ሰው የሚሰጠው መልሱን የሚያይበት 2 ደቂቃ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል መልሶች በወረቀት ይዤ የቀረሁትም ይህን የነገረን ባለመኖሩ ነው።

ያ ክፍል ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ እየሰሙ የሚሞላ ቅጽ ነው። ቤት ስለመከራየት የሆነ የልምምድ ቅጽ እንውሰድ፦ የወር ኪራይ፣ በኪራዩ የሚካተት፣ የአከራይዋ ስም። ድምፁ ሳይጀምር የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ቁጥር፣ ሁለተኛው የአገልግሎት ዓይነት፣ ሦስተኛው በፊደል የሚነገር ስም እንደሚፈልግ መገመት ይቻላል። ወኪሉ ኪራዩ 450 ፓውንድ ነው ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ያ ያለፈው ዓመት እንደነበረና አሁን 485 መሆኑን ይጨምራል። ተከራዩ መብራቱ ይካተት እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ወኪሉ፣ ተከራዩ ለውኃ እንደማይከፍልና መብራቱን ግን ራሱ እንደሚከፍል ይመልሳል። ቅጹ ላይ «የሚካተት» የተባለው በንግግሩ «አትከፍልም» ሆኖ መጣ ማለት ነው፤ አሳሳቹ ቃል ጎልቶ ይነገራል፣ ትክክለኛው በሌላ አነጋገር ይከተላል። እርግጠኛ እስክትሆኑ አትጻፉ የሚለውን ምክር አልቀበልም። እኔ 450ን ወዲያው ቦታው ላይ እጽፍና፣ «አክችዋሊ» ወይም «ሶሪ» የሚል ቃል ስሰማ አጠፋዋለሁ፤ ማጥፋት ቀላል ነው፣ የረሱትን ማስታወስ ግን አይቻልም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ስሙ ነው። ለእኛ ሰው A ስትጠራ «ኤ» ተብላ ስለምትሰማ፣ እጃችን በልማድ E ይጽፋል፤ E ስትጠራም «ኢ» ስለምትባል ወደ I እንሄዳለን። ስማችንን በላቲን ስንጽፍ ያደረግነው እንዲሁ ስለሆነ በችኮላ ጊዜ ይህ ልማድ ይቀድመናል። «ደብል ኤል» ሲባልም ሁለት L መጻፍ እንጂ ሌላ ቃል መጠበቅ አይገባም። እህቴ የእንግሊዝ መንገዶችን ስም ፊደል በፊደል በፍጥነት እያነበበችልኝ፣ እኔ ሳላቋርጣት በኪቦርድ እየጻፍኩ የተለማመድኩት ከየትኛውም የናሙና ፈተና በላይ ጠቅሞኛል።

እንደ Wednesday እና accommodation ያሉ ቃላት አንድ ፊደል ከጎደላቸው ነጥብ አያስገኙም፣ ኮምፒውተሩም ስህተቱን አያመለክትም። በእንግሊዝም ሆነ በአሜሪካ አጻጻፍ መጻፍ ግን ይቻላል። ONE WORD ONLY በተባለበት ቦታ ሁለት ቃል መጻፍ፣ አንዱ ትክክል ቢሆንም፣ ዜሮ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ደቂቃ ለቃላት ብዛት፣ ለብዙ ቁጥር s እና ባዶ ለቀሩ ቦታዎች ብቻ አውሉት፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ምንም ባዶ ቦታ መተው የለበትም።