«በመምህሯ ኃላፊነት ይፈቀድ»

የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ ባህር ዳር፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት። ንብረት ክፍላችን ውስጥ የተረት መጻሕፍት እንዳሉ ያወቅሁት ጠመኔ ልወስድ በገባሁበት ቀን ነው። ካርቶኑ መሬት ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። አንዱን አንስቼ ልገልጠው ስል ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ቀስ ብዬ ሳላቅቃቸው የአንዱ ገጽ ሥዕል ተልጦ ሌላው ላይ ቀረ። ከታች ያሉትን ምስጥ ጀምሯቸዋል፤ የአፈር መስመሩ ከወለሉ ተነሥቶ ካርቶኑ ውስጥ ይገባል። ከላይ ካሉት ደህናዎቹን ለይቼ ቆጠርኩ፤ 34 ናቸው።

«እታለም፣ እነሱ እኮ ሞዴል 19 ተቆርጦላቸው ገቢ የሆኑ ናቸው» አለችኝ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ። «የሚፈልግ በሞዴል 20 ይጠይቅ፣ በ22 ፈርሞ ይውሰድ። እስካሁን የፈረመ የለም።»

ለምን እንዳልፈረመ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ሞዴል 22 ላይ የፈረመ ሰው ንብረቱ በስሙ ነው። ዓመቱ አልቆ ክሊራንስ ሲጠየቅ አንድ መጽሐፍ ቢጎድል ከደመወዙ ይቆረጣል። ልጆች የሚነኩት መጽሐፍ ደግሞ መቀደዱ አይቀርም። ስለዚህ መጻሕፍቱን ማንም በስሙ አያወጣቸውም፤ እዚያው ምስጥ ይበላቸዋል፤ ለምስጡ ደግሞ የሚጠየቅ ሰው የለም።

እኔ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ ፊደሉን ለይተዋል፤ ቃሉን ግን ፊደል በፊደል እየቆጠሩ ነው የሚያነቡት፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መጀመሪያው ይጠፋባቸዋል። ይህ የሚለቀው ቀላል ጽሑፍ ደጋግመው ሲያነቡ ነው። የመማሪያ መጽሐፉን ምንባብ ደግሞ እኔ አንዴ ካነበብኩላቸው በቃላቸው ይይዙትና ገጹን ሳያዩ ይሉታል። ያልሰሙት ታሪክ ያስፈልጋቸዋል። ለዚህ ነው ለርዕሰ መምህሩ ማመልከቻ የጻፍኩት።

የማመልከቻውን ዋና ክፍል እንዳለ ላስፍረው፦

«ጉዳዩ፦ በ2ኛ ክፍል ውስጥ አነስተኛ የንባብ ማዕዘን እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ። ማዕዘኑ ከበሩና ዝናብ ከሚገባበት መስኮት ርቆ በክፍሉ የኋላ ጥግ ይሆናል፤ ስፋቱ 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ነው። የሚያስፈልገው በጡብ ላይ የሚያርፍ አንድ ጣውላ፣ አንድ ቁልፍ ያለው ሳጥንና አንድ የደንገል ምንጣፍ ሲሆን ጣውላውና ጡቡ ከጊቢው ይገኛሉ፤ ምንጣፉን የተማሪ ወላጅ ሰጥተዋል። ሳጥኑ ያስፈለገው ክፍሉን ከሰዓት በኋላ ሌላ ፈረቃ ስለሚጠቀምበት ነው። መጻሕፍቱ በንብረት ክፍል የሚገኙት 34 የተረት መጻሕፍት ናቸው። አጠቃቀሙ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ 15 ደቂቃ፣ በተራ አንድ አንድ ቡድን ይሆናል። የክፍል አለቃው ሲከፈትና ሲዘጋ ቆጥሮ ያስረክባል። በአገልግሎት ብዛት የተቀደደ ወይም ያረጀ መጽሐፍ ራሱ መጽሐፉ እየቀረበ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ እንዲመለስና እንደ ጉድለት እንዳይቆጠር፣ ጉድለት የሚባለው በአካል ሊቀርብ ያልቻለው ብቻ እንዲሆን እጠይቃለሁ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው የልቤ። ቦታውን፣ ጣውላውን፣ ደቂቃውን ማንም ሊሞላው ይችላል። የተቀደደን ከጠፋ የሚለይ መስመር ከሌለ ግን መምህሩ ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። እንዲህ ያለ የንባብ ማዕዘን አይቻለሁ፤ ግድግዳው አምሮ ተለጥፎበታል፣ መጽሐፉን የገለጠው ልጅ ግን የለም።

ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጌ ሰጠሁ። ተመልሶ ሲመጣ ጠርዙ ላይ «ለጊዜው ይቆይ» ተብሎበታል። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ምኑ ነው የሚቆየው? ገንዘብ አልጠየቅሁም። ሳጥኑም ቢሆን ንብረት ክፍል ባዶውን ተቀምጧል።»

«ሐሳቡ ጥሩ ነው ልጄ፤ የከፋኝ የለም። ነገር ግን ንብረት ነው። ነገ ኦዲተር መጥቶ መጽሐፉ የት አለ ቢለኝ፣ ሕፃናት ቀደዱት ልበለው?»

«አዎ፣ ይበሉት። የተቀደደውንም ያሳዩት። ቃለ ጉባኤው ለዚያ ነው።»

«ቢጠፋስ?»

«የጠፋውን እኔ እጠየቃለሁ። የተነበበበትን ግን አልጠየቅም። ዛሬ ንብረት ክፍል ሄደው ከታች ያሉትን ይዩልኝ፤ ምስጥ በልቷቸዋል። እነሱን ለኦዲተሩ ምን ሊሉት ነው?»

ዝም አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «አንቺ እኮ ክርክር ትወጃለሽ» አሉኝ። የከነከነኝ ይህ ነው። የጠየቅሁት ጥያቄ መልስ ያለው ጥያቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ ጠባዬ መለሱልኝ። ወንድ መምህር ያንኑ ጥያቄ ይዞ ቢገባ እንዲህ ይሉት ነበር ብዬ አላስብም፤ በስብሰባ ላይ ከዚህ የከረረ ነገር ተናግረው «ጥሩ አስተያየት» የተባሉትን አውቃለሁ።

ቢሆንም አልወጣሁም። ንብረት ክፍል አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው፤ ሄዱ። ካርቶኑን ራሳቸው አነሡት፤ የታችኛው ክፍል እጃቸው ላይ ፈረሰ። ምንም አልተናገሩም። በማግሥቱ ማመልከቻዬ አዲስ ጽሑፍ ይዞ መጣ፦ «በመምህሯ ኃላፊነት ይፈቀድ።»

የንባብ ማዕዘኑ ተፈቀደ፤ የለመንኩት ዓረፍተ ነገር ግን በሦስት ቃል ተሻረ። ኃላፊነቱ እንዲከፋፈል ነበር የጠየቅሁት፤ ጠቅልለው መለሱልኝ። ልጆቹን አሰብኩና ፈረምኩ።

ጣውላውን ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አራቅነው፤ እርጥበቱም ምስጡም የሚመጣው ከግድግዳው ነውና፣ ክፍተት ካለ የምስጡ የአፈር መስመር ሲጀመር ይታያል። መጻሕፍቱን ሽፋናቸው ፊት ለፊት እንዲታይ አቆምናቸው፤ ጀርባቸው ብቻ ሲታይ ልጆቹ አንሥተው አያዩም። ከቡድኖቹ አንዱ ሲያነብ ሌላው የጽሑፍ ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ሰሞን ሥዕሉን ብቻ እያዩ ይገልጡ ነበር፤ አልከለከልኳቸውም። ቆይቶ አንዲት ልጅ አንድን ተረት እየደጋገመች ስትወስድ አየኋት። ጠጋ ብዬ ሰማኋት፤ ፊደሉን ሳትቆጥር ዓረፍተ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ አለችው። በቃሏ ይዛው እንደሆነ ለማወቅ መሀል ላይ ያለ ገጽ ገልጬ ሰጠኋት፤ እሱንም አነበበችው።

ሰኔ ላይ ሲቆጠር 2 መጽሐፍ ጎደለ፤ 5 ተቀድዷል። የተቀደዱትን የንብረት ክፍል ኃላፊዋ በፕላስተር እንደተጠጋገኑ ተቀበለችኝ፤ ቃለ ጉባኤ ግን ማንም አልያዘም፤ በእሷ ቅንነት ብቻ አለፈ። ሌላ ሰው ቦታው ላይ ቢኖር 7 ጉድለት ይመዘገብብኝ ነበር። የሁለቱን ከፈልኩ።

ዘንድሮ የሦስተኛ ክፍል መምህርቷ የማመልከቻውን ቅጂ ጠይቃኝ ሰጠኋት። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያ እንድታመጣው፣ ምላሹ ላይ «በመምህሯ ኃላፊነት» ከተጻፈም «በማመልከቻው መሠረት» ተብሎ እስኪስተካከል ሞዴል 22 ላይ እንዳትፈርም ነግሬያታለሁ። ማመልከቻዋ አሁን ጠረጴዛቸው ላይ ነው።