በስህተት የተሰረዘ ፒኤችዲ

አንድ የመጽሔት ዝግጅት ክፍል ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ስለ ኩዊን ጊታር ተጫዋች ስለ ብራያን ሜይ የተጻፈ መጣጥፍ ለኅትመት እያሰናዳ ነበር። ጸሐፊው «ዶክተር ብራያን ሜይ» ብሎ ጀምሮ፣ ሰውየው በአስትሮፊዚክስ ፒኤችዲ እንዳለው ጠቅሷል። ጽሑፉ የደረሰው አራሚ ግን ተጠራጠረ። ዕድሜውን በመድረክና በስቱዲዮ ያሳለፈ ሰው ይህን መቼ ተማረው? ሲፈልግ የኸርትፎርድሻየር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 የክብር ዶክትሬት እንደሰጠው የሚገልጽ መረጃ አገኘ። በዚያው «ፒኤችዲ» የሚለውን ሰርዞ «የክብር ዶክትሬት» ብሎ ተካው፤ ከስሙ በፊት የነበረውን «ዶክተር»ም አነሳው።

አራሚው ያገኘው መረጃ እውነት ነበር። እርማቱ ግን ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ሜይ ሁለቱም አሉት። የክብሩን በ2002 ከኸርትፎርድሻየር ተቀበለ፤ ፒኤችዲውን ደግሞ በ2007 ከለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተምሮና ተፈትኖ አገኘ። ዲግሪን በማጣራት ሥራ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት ይኸው ነው። አንድ የክብር ዶክትሬት ሲገኝ ማጣራቱ ያለቀ ይመስላል፤ ያ ግን ተምሮ የተገኘውን ሌላውን ዲግሪ አያስቀረውም። የተገላቢጦሹም ያው ነው። እውነተኛ ዲግሪ ያለው ታዋቂ ሰው በየጊዜው የክብር ዲግሪም ይሸለማል፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ዶክተር ነው ወይስ አይደለም?» ሳይሆን «ይህ የተጠቀሰው ዲግሪ፣ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚህ ዓመት፣ በምን መንገድ ተሰጠ?» ነው።

የክፍሉ ዋና አዘጋጅ እርማቱን ሳያጸድቅ ነገሩ ከሥሩ እንዲታይ አዘዘ። የተጀመረው ከመመረቂያ ጽሑፉ ነው። በጥናት የተገኘ ፒኤችዲ ጽሑፍ ይተዋል፤ የክብር ዶክትሬት ግን የሚተወው ንግግርና ፎቶ ነው። ጽሑፉ የሚፈለገው ዲግሪውን ሰጠ በተባለው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግና የጥናት ማኅደር ውስጥ ነው፤ የኢምፔሪያል ማኅደር ስፓይራል ይባላል። የሜይ ጽሑፍ ይገኛል፤ ርእሱ በዞዲያክ የአቧራ ደመና፣ ማለትም በፀሐይ ዙሪያ በተበተነው አቧራ ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች ወደ እኛ የሚመጡበትንና ከእኛ የሚርቁበትን ፍጥነት የሚመለከት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጽሑፉ የፊት ገጽ ብቻውን የሚያሳየው ለዲግሪው መቅረቡን እንጂ ማለፉን አይደለም። «ለፒኤችዲ ማሟያ የቀረበ» የሚል ገጽ በቃል ፈተና የወደቀ ሰውም ሊኖረው ይችላል። ክብደት ያለው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ራሱ የያዘው ቅጂ ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ማኅደር የሚያስገቡት ፈታኞች ካጸደቁትና እርማቱ ካለቀ በኋላ የገባውን የመጨረሻ ቅጂ ነውና። በሰውየው የግል ድረ ገጽ ላይ የተሰቀለ ቅጂ ይህን አይተካም።

ቀጥሎ የተነሳው የጊዜው ክፍተት ነበር። ሜይ ጥናቱን የጀመረው በ1970 ነው፤ ባንዱ ሲሳካለት አቋረጠው፤ የጨረሰው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አራሚው የተጠራጠረው በዚህም ነበር፤ አለመጠርጠርም አይቻልም። የሚታየው በመካከሉ የተተወ አሻራ መኖር አለመኖሩ ነው። በ1972 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ከስሙ ጋር የወጣ ጥናት አለ፤ በ1974 ደግሞ ስለዚሁ የዞዲያክ አቧራ የወጣ ሌላ አለ። ዶክትሬቱ በድንገት የመጣ ሳይሆን ከወጣትነቱ የተጀመረ ሥራ ፍጻሜ መሆኑ በዚህ ይታወቃል። የክብር ዶክትሬት እንዲህ ያለ ቀዳሚ ታሪክ አያስፈልገውም። አሜሪካዊቷ ደራሲና ገጣሚ ማያ አንጄሎ የመጀመሪያ ዲግሪ እንኳ አልነበራትም፤ የክብር ዲግሪዎቿ ግን ከ50 በላይ ነበሩ፤ ብዙዎችም «ዶክተር አንጄሎ» ይሏት ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለው «ዶክተር» ሲያጋጥም መጀመሪያ መታሰብ ያለበት የክብሩ ነው።

የዲግሪውን ስም ብቻ አይቶ መወሰን ግን አደገኛ ነው። አራሚው በኋላ «የኸርትፎርድሻየሩ የሳይንስ ዶክተር ስለሚል የክብር መሆኑ ያስታውቃል» ብሎ ነበር። በብሪታኒያ «የሳይንስ ዶክተር» ለዓመታት በታተሙ ጥናቶች ተመዝኖም ይሰጣል፤ ከፒኤችዲ በላይ የሚቆጠር ማዕረግ ነው። የአንዱ ዩኒቨርሲቲ የክብር ስም የሌላው የፈተና ዲግሪ ሊሆን ይችላል። በምስክር ወረቀቱ ላይ በላቲን «ለክብር ሲባል» ማለት የሆነው «ሆኖሪስ ካውዛ» ካለ ነገሩ ያልቃል፤ የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ ግን ቶሎ የሚጣለው ይኸው ሐረግ ነው።

የመጨረሻው እርምጃ ለዩኒቨርሲቲ መጻፍ ነው፤ ብዙ ማጣሪያ የሚበላሸውም ጥያቄው በደንብ ስላልተጻፈ ነው። አራሚው ያረቀቀው ደብዳቤ «እገሌ ከእናንተ ዶክትሬት ተቀብሏል?» የሚል ነበር። ይህን የኸርትፎርድሻየር ሰዎች ቢያነቡት «አዎ» ይላሉ፤ ኢምፔሪያሎችም «አዎ» ይላሉ፤ በሁለቱ «አዎ» መካከል ያለው ልዩነት ግን አይታወቅም። ዋና አዘጋጁ ደብዳቤውን እንደገና አስጻፈው፦

«የዲግሪው ሙሉ ስም፣ የትምህርት ዘርፉና የተሰጠበት ቀን ምንድን ነው? ዲግሪው የተሰጠው በምዝገባና በፈተና ነው ወይስ በክብር? ለማጣራት እንዲረዳችሁ በተመዘገበበት ጊዜ የነበረው ሙሉ ስምና የልደት ዓመቱ ከዚህ በታች ሰፍሯል።»

የተላከበትም ቦታ ለውጥ ያመጣል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ መዝገብ የሚይዘው ሬጅስትራር ነው፤ የክብር ዲግሪ ግን በሴኔት ወይም በቦርድ ውሳኔ ስለሚሰጥ መዝገቡ ያለው የምረቃ ሥነ ሥርዓት ወይም የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ነው። ስለዚህ ሬጅስትራሩ «በመዝገባችን የለም» ሲል፣ የሥነ ሥርዓቱ ክፍል ደግሞ «አዎ፣ ሸልመነዋል» ሲል፣ ሁለቱ መልሶች አልተጋጩም፤ አንድ ላይ ሲነበቡ የክብር መሆኑን ይናገራሉ። ለሁለቱም መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«የለም» የሚል መልስ ብቻውን ሲመጣ ግን ሰውን ውሸታም ለማለት አይበቃም። በጋብቻ የተለወጠ ስም፣ ወደ ኮምፒውተር ያልገባ የቆየ የወረቀት መዝገብ፣ ከሌላ ተቋም ጋር የተዋሐደ ኮሌጅ፣ ሁሉም ተመሳሳይ «የለም» ያስገኛሉ። በአሜሪካ ሕግ ዲግሪና የተሰጠበት ቀን በአብዛኛው ሊገለጽ የሚችል መረጃ ቢሆንም፣ ተማሪው እንዳይገለጽ መጠየቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ምንም አይናገርም። በብሪታኒያ የሚሠራበት የዲግሪ ማጣሪያ አገልግሎት ደግሞ የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። አጭሩ መንገድ ሰውየው ራሱ ፈቃዱን በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ነው፤ እምቢ ካለም እምቢ ማለቱ ይመዘገባል እንጂ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም።

የምረቃ መጽሔት ጠቃሚ ረዳት ነው። የክብር ተሸላሚዎች ብቻቸውን ገጽ ይሰጣቸዋል፤ ከስማቸው ሥር ለምን እንደተሸለሙ የሚገልጽ ምስጋና ይኖራል። ተመራቂዎች ግን በፋኩልቲ ተከፋፍለው በረድፍ ይዘረዘራሉ። ይሁንና መጽሔቱ የሚታተመው ከምረቃው ቀን ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ መጨረሻ ላይ ያላሟላ ተማሪ ስምም ሊገባበት ይችላል። የክብሩን ለማረጋገጥ ይጠቅማል፤ የተፈተነበትን ለመዝጋት ግን ሬጅስትራሩ ያስፈልጋል።

መጣጥፉ በመጨረሻ የወጣው እንዲህ ተብሎ ነው፦ «ብራያን ሜይ እ.ኤ.አ. በ2002 ከኸርትፎርድሻየር ዩኒቨርሲቲ የክብር የሳይንስ ዶክትሬት፣ በ2007 ከኢምፔሪያል ኮሌጅ ለንደን በአስትሮፊዚክስ ፒኤችዲ አግኝቷል።» ከስሙ በፊት የነበረው «ዶክተር» ተመለሰ። በክፍሉ የማጣሪያ ቅጽ ላይም ቀድሞ «ዲግሪ፦ አለ / የለም» ይል የነበረው መስመር «በፈተና / በክብር / ሁለቱም / አልተረጋገጠም» ተብሎ ተቀየረ፤ ከጎኑም መልሱን የሰጠው ጽሕፈት ቤትና የደብዳቤው ቀን የሚጻፍበት ቦታ ተጨመረ።