«ትጾሚያለሽ?» ገና በሰላምታው ሲመጣ እንዴት እንደምመልስ

መተዋወቂያ መተግበሪያ ላይ ማች ካደረግነው ሰው ጋር ሰላምታ እንደተለዋወጥን ብዙ ጊዜ የሚከተለው «ኦርቶዶክስ ነሽ?» ወይም «ትጾሚያለሽ?» ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህን ጥያቄ እንደ ድፍረት አላየውም። ፕሮፋይል ላይ «ክርስቲያን» ብሎ መምረጥ ለእኛ ሰው ግማሽ መልስ ነው፤ ኦርቶዶክስ ይሁን ጴንጤ ወይም ካቶሊክ አይለይም። ስምም ሁልጊዜ አይናገርም። ነገ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀውን ልጁ ዛሬ ቢጠይቅ አይገርምም። እኔ የምጠነቀቀው መልሱ ላይ ነው።

መልሴን በአንድ መልእክት እጨርሳለሁ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «አዎ፣ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሁዳዴንና ፍልሰታን እጾማለሁ፣ ረቡዕና ዓርብም እንዲሁ። በሥራ ቀን እስከ 6 ሰዓት ነው የምቆየው። ሌሎቹን አጽዋማት ሁልጊዜ አልይዝም። አንተ ጋስ እንዴት ነው?» እዚህ ውስጥ ያለው የማደርገው ነገር ነው፤ ማድረግ የሚገባኝን አልጽፍም። «እጾማለሁ» ብቻ ብሎ ማለፍ ሲበዛ ሰፊ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ በገና ይፈታል፤ የሐዋርያት ጾም ደግሞ እንደ ፋሲካው አወጣጥ ይረዝማል፣ ያጥራል። ይህን ሁሉ የሚይዝ ሰውም፣ ሁዳዴን ብቻ የሚይዝ ሰውም «እጾማለሁ» ይላል። ሰሚው የጎደለውን ከራሱ ቤት ልማድ ይሞላዋል፤ ከዚያ በጾሙ መካከል እርጎ ስትጠጪ ሲያይ የዋሸሽው ይመስለዋል።

«እምነት የግል ጉዳይ ነው» ወይም «እኔ በእግዚአብሔር አምናለሁ፣ ይበቃል» የሚለውንም አልጠቀምበትም። ሐሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን በዚህ ሰዓት ሲጻፍ የተደበቀ ነገር እንዳለ ሆኖ ነው የሚነበበው። መናገር ካልፈለግሁ በግልጽ «ስለዚህ በአካል ስንገናኝ ባወራ ደስ ይለኛል» እላለሁ። መዝጋት እንዳልሆነም ይገባዋል።

ከዚያ ሁለተኛውን መልእክቱን አያለሁ፤ ለምን እንደጠየቀ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። «እንግዲያው ዓርብ የጾም ምግብ ያለበት ቤት እንገናኝ» ካለ ጥያቄው የቀጠሮ ነበር፤ የሁለታችንም የጾም ሰዓት ካለፈ በኋላ እንዲሆን ተነጋግሮ መቅጠር ነው። ሙስሊም ከሆነ ደግሞ «ውሃ ትጠጫለሽ?» ሊል ይችላል። በረመዳን ጾም ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውሃም የለም፤ እኛ ጋ ግን ሰዓቱ ካለፈ በኋላም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሳይነካ ነው የሚዋለው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳለሁ። ጴንጤ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቋሚ የጾም ቀን መቁጠሪያ የለውም፤ የጾም ጸሎት ሲይዝ ግን ጨርሶ ላይበላ ይችላል። ስለዚህ «እናንተ እኮ አትጾሙም» አልልም። እንዲህ ያለ አንድ ቃል ጥሩ የጀመረ ወሬ ያበላሻል።

ከበድ የሚለው ጥያቄው ስለ ጋብቻ ሲሆን ነው። ጴንጤ የሆነ ልጅ «ትጾሚያለሽ?» ብሎ መልሱን ካገኘ በኋላ «ወደፊት አንድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያለብን ይመስልሻል?» አለ እንበል። ይህ ሃይማኖት ትቀይሪያለሽ ወይ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ፍቅር ካለ ሁሉም ይሆናል» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን ሁሉም አይሆንም፤ በተክሊልና በቁርባን ለመጋባት ሁለቱም ኦርቶዶክስ መሆን አለባቸው፤ ያልተጠመቀው መጀመሪያ ተምሮ ይጠመቃል። በማዘጋጃ ቤት መጋባት ግን ይቻላል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሃይማኖት ልዩነትን ለጋብቻ መከልከያ አላደረገውም። ስለዚህ እንዲህ ነው የምመልሰው፦ «እኔ አልቀይርም፣ አንተም እንድትቀይር አልጠይቅም። በማዘጋጃ ቤት መጋባት ለእኔ ይቻላል፤ የልጆች ጥምቀት ግን ቀድመን ልንነጋገርበት የሚገባ ነው። አንተ ጋ በራሳችሁ ቸርች ካልሆነ የማይሆን ነገር አለ?» የሚመለሰው «የለም» ከሆነ ወሬው ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። «እናቴን ማሳመን አለብኝ» ካለ ይህም እውነተኛ መልስ ነው፤ በጊዜ ማወቁ ለሁለታችንም ይሻላል። «ቀስ በቀስ ትረጃለሽ» ካለ ግን ውሳኔዬን አልተቀበለውም፣ ሊያሸንፈኝ አስቧል ማለት ነው፤ እዚያ ላይ አቆማለሁ።

የተክሊሉን ነገር በመጀመሪያው ቀን ራሴ አላነሳውም። እሱ በር ሲከፍት ብቻ ነው የምገባው፤ ጾምን ብቻ የጠየቀ ሰው ስለ ልጆች ጥምቀት ቢነገረው ይደነግጣል፣ ይህም ተገቢ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን በፍጹም አልመልስም፤ «የትኛው ደብር ነው የምታስቀድሺው?» የሚለውን። ጠያቂው ቅን ሊሆን ይችላል። ሆኖም የደብሩ ስም ከፎቶዬ ጋር ሲደመር እሑድ ጠዋት የት እንደምገኝና ሰፈሬ የት አካባቢ እንደሆነ ለማያውቀኝ ሰው ይናገራል። «ሰፈሬ አጠገብ ያለ ነው፣ ስንተዋወቅ እነግርሃለሁ» ብዬ አልፋለሁ። የንስሐ አባቴንም ስም እንዲሁ። በዚህ የሚናደድ ሰው ካለ መናደዱ ራሱ መረጃ ነው።

ሃይማኖትን ቀድሞ የሚጠይቅ ሁሉ ሃይማኖተኛ እንዳልሆነም አስባለሁ። አንዳንዱ የሚጠይቀው መልስሽን ሰምቶ ያንኑ ለመምሰል ነው፤ «እኔም እንዳንቺ ነኝ» ይልና ሳምንት ሳይሞላ «እግዚአብሔር ነው ያገናኘን» ማለት ይጀምራል፣ ከዚያ የታመመ ዘመድ ወይም የጎደለ የትኬት ገንዘብ ይከተላል። ለመለየት ቀላል ጥያቄ አለኝ፦ «እናንተ ቤት በጾም ዓሣ ይበላል?» በዚህ ላይ ኦርቶዶክሱ ራሱ ይለያያል፤ አንዱ ቤት ይበላል፣ ሌላው ቤት ነውር ነው። ስለዚህ ትክክለኛ መልስ የሚባል የለም። በእውነት በጾም ቤት ያደገ ሰው ግን ወሬ አለው፤ አያቱ እንደሚቆጡ፣ ወይም ዓርብ ዓርብ ዓሣ ቤት እንደሚሄዱ ይናገራል። አስመሳዩ «አንቺስ?» ብሎ ይመልሰዋል ወይም «ሁሉም ያው ነው» ይላል። አንድ ደብዛዛ መልስ ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲመጣ ግን አስመሳይ መሆኑን አምናለሁ። ገንዘብ ከተጠየቅሁ ደግሞ ዓሣውም አያስፈልግም፤ አካውንቱን ሪፖርት አድርጌ እዘጋለሁ።

የመጨረሻው ዓይነት ተከራካሪው ነው። ስለ እኔ መጠየቁን ትቶ ስለ ድንግል ማርያም አማላጅነት ወይም «ጾም የሰው ሥርዓት ነው» ብሎ መጻፍ ሲጀምር፣ የስብከት ቪዲዮ ሊንክ ሲልክ፣ ወሬው ትውውቅ መሆኑ አብቅቷል። መልስ ባለኝም ጊዜ አልመልስም፤ አንድ መልስ አሥር ጥያቄ ይወልዳል። የምልከው ይህን ብቻ ነው፦ «ስለ እምነትህ ማወቅ ደስ ይለኛል፣ ክርክር ውስጥ ግን አልገባም። ስለ ሌላ ነገር እናውራ፣ ካልሆነ ግን መልካም ጊዜ ይሁንልህ።» ብዙዎቹ ይቅርታ ጠይቀው ወሬ ይቀይራሉ። ሌላ ሊንክ የሚልከውን አንማች አደርገዋለሁ።