«ኦሪጅናል ሌዘር» የተባለውን ጫማ ከጠርዙ ማወቅ፦ እስካሁን የተማርኩት

የጫማና የቦርሳ ጥገና መማር ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ጊዜዬን የወሰደው ቆዳን ከሲንቴቲክ መለየት ነው። የምማረው እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ከሚሠሩ አንድ ጫማ ሰፊ ጎን ቁጭ እያልኩ ነው። ጋሼ ነው የምላቸው። ለመማር ደግሞ ከአዲስ ጫማ ይልቅ ለጥገና የመጣ ጫማ ይሻላል። አዲሱ ውስጡን አያሳይም። የተቀደደውና የተላጠው ግን ከምን እንደተሠራ ራሱ ይነግራችኋል።

ዛሬ የማካፍላችሁ በቆዳና በፕላስቲክ መካከል ስላለው ሦስተኛ ዓይነት ነው። ገበያ ላይ «ኦሪጅናል ሌዘር ነው» ተብሎ ሲሸጥ ሻጩ ዋሸ ማለት አይቻልም፤ ገዢው ግን ያሰበውን ዕቃ አላገኘም።

የበሬና የላም ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን በውፍረቱ ይሰነጠቃል። ጸጉር የነበረበት የላይኛው ንጣፍ ክሮቹ ጥቅጥቅ ያሉ፣ ፊቱ ለስላሳ፣ ጠንካራው ክፍል ነው። ከሥር የሚቀረው ንጣፍም ቆዳ ነው፤ ግን ፊት የለውም፣ ክሮቹም ሳሳ ያሉ ናቸው። ከዚህኛው የተወሰነው ተፍቆ ሱዊድ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ላዩ ላይ የፖሊዩሪቴን (በአጭሩ ፒዩ የሚሉት) ሽፋን ይለጠፍበትና የቆዳ መልክ ይታተምበታል። ሱቅ ውስጥ ሲታይ እንከን የለሽ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ ይወጣዋል። ችግሩ የሚጀምረው እግር ሲገባበት ነው።

አንድ ደንበኛ ጥቁር የወንድ ጫማ ይዞ መጣ። ሶሉ ደህና ነው፣ ስፌቱም አልተፈታም። ከጣቶቹ ኋላ እግር በሚታጠፍበት መስመር ላይ ግን ቅርፊት ቅርፊት እያለ ይነሳል። «ጋሼ፣ ሌዘር ነው ተብዬ እኮ ነው የገዛሁት። ቆዳ እንዲህ ይላጣል እንዴ?» አላቸው። ጋሼ አገላብጠው አዩትና «ቆዳው መች ተላጠ ልጄ፣ የተላጠው ልብሱ ነው» አሉት።

ከዚያ በቢላዋ ጫፍ ቅርፊቱን አንስተው አሳዩን። የተነሳው ስስ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ሲስቡት ትንሽ ተለጥጦ ይበጠሳል። ከሥሩ የቀረው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ፣ ሻካራ ጸጉራም ነገር ነው። ቀለሙ በክሮም ከማልፋት የሚመጣ ነው። በክሮም የለፋ ቆዳ ሌላ ቀለም ከመነከሩ በፊት ሰማያዊ ስለሆነ፣ እስከ ውስጡ ካልተነከረ መሐሉ ላይ ያው ቀለም ይቀራል። ደጅ ወጥተን ሁለቱን ለየብቻ በክብሪት ሞከርናቸው። ከጸጉራሙ የተነጨችው ክር እንደተቃጠለ ጸጉር ሸተተች፤ የቀረው አመድ በጣት ሲነካ ተፈረከሰ። ጥቁሩ ቅርፊት ግን ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ሆኖ ቀረ። ከአንድ ጫማ ሁለት መልስ ማለት ነው። ሁለቱን ሳይለዩ አንድ ላይ ቢያቃጥሏቸው የጸጉር ሽታው ስለሚያይል «ቆዳ ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

የእሳት ሙከራን የማልወደው በዚህ ምክንያት ነው። ካልቀረ በጣም ትንሽ ክር ወስዳችሁ፣ ደጅ ላይ፣ ጭሱን ሳትስቡ ሞክሩ። በተለይ ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ሲቃጠል የሚያወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። በውኃ ጠብታ መሞከርም ብዙ አያስተማምንም። ያልተሸፈነ ቆዳ ውኃውን መጦ ይጠቁራል፤ በደንብ ቀለምና ሰም የተቀባ እውነተኛ ቆዳ ግን ላዩ ላይ አንከባሎ ይጥለዋል። ሽታም ቢሆን በሚረጭ ነገር ይመጣል።

እኔ የምተማመነው በተቆረጠ ጠርዝ ነው። አዲስ ጫማ ላይ ጠርዙ አብዛኛውን ጊዜ ታጥፎ ስለሚሰፋ አይታይም፤ ስለዚህ የተረሱ ቦታዎችን ፈልጉ። የጫማው ምላስ የላይኛው ጫፍ፣ የክር ማስገቢያ ቀዳዳዎች በውስጥ በኩል፣ የውስጥ ንጣፉ ሲነሳ ወደታች የገባው ጫፍ ጥሩ ናቸው። ቦርሳ ከሆነ የማንገቻው ጫፍ፣ የዘለበቱ ቀዳዳ፣ የውስጥ ኪሱ ስፌት። ስልካችሁን አውጡና በካሜራው አጉልታችሁ እዩት።

ላይኛው ንጣፍ ቆዳ ከሆነ ክሩ ከሥር ወደ ላይ እየጠበበና እየጠነከረ ሄዶ ከፊቱ ጋር ይዋሃዳል። «እዚህ ጋ ያበቃል» የሚባል ግልጽ መስመር አይታይም። የተሸፈነው የታችኛው ንጣፍ ላይ ግን ከላይ አንድ ወጥ የሆነ የፕላስቲክ መስመር አለ፤ ክሩ እዚያ ጋ ድንገት ያቆማል። ተራ ሲንቴቲክ ከሆነ ከፕላስቲኩ ሥር የተሸመነ ወይም የተጠለፈ ጨርቅ ታያላችሁ። አስቸጋሪው ማይክሮፋይበር የሚባለው ነው። እሱም ጀርባው ጸጉራም ስለሆነ ከቆዳ ጋር ይምታታል። የሚለየው በእኩልነቱ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱ አንድ ነው፣ ክሩ ሲነጭ አንድ ዓይነት ነው፣ እሳት ሲነካው ደግሞ ይቀልጣል።

ከውጭ የመጣና የሳልቫጅ ጫማ የምትገዙ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ምስክር አላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ መሠረት እዚያ የሚሸጥ ጫማ የተሠራበትን ነገር በምልክት ወይም በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ብዙ ጊዜ ምላሱ ውስጥ ወይም ሶሉ ሥር ታገኙታላችሁ። የተዘረጋ ቆዳ ቅርጽ ካለ ቆዳ ነው። የቆዳው ቅርጽ መሐል ላይ ትንሽ አልማዝ መሰል ምልክት ካለበት የተሸፈነ ቆዳ ነው፤ ማለትም ሽፋኑ ከ0.15 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ ከጠቅላላው ውፍረት ግን ሲሶውን አያልፍም። የተሸመነ መረብ የሚመስለው ጨርቅ ነው። አልማዙ ብቻውን ከሆነ ሌላ ነገር፣ ማለትም ሲንቴቲክ ነው። ምልክቱ ለላይኛው ክፍል፣ ለውስጡና ለሶሉ ለየብቻ ስለሚሰጥ የትኛው የትኛውን እንደሚመለከት ለዩ። ሶሉ ቆዳ ሆኖ ላዩ ሲንቴቲክ የሆነ ጫማ አለ። ደግሞም ምልክቱ የሚናገረው ቢያንስ 80 በመቶ ስለሚይዘው ነገር ነው እንጂ ስለ እያንዳንዱ ቁራጭ አይደለም።

አሁን ወደ አረጃጀታቸው። እዚህ ላይ የአዳማ ፀሐይና አቧራ የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

እውነተኛ ቆዳ መታጠፊያው ላይ ይሸበሸባል። ይህ ጉዳት አይደለም። የሚጎዳው ሲደርቅ ነው። በማልፋት ጊዜ የገባው ቅባት በሙቀትና በጊዜ ሲቀንስ ክሮቹ እርስ በርስ መንሸራተት ያቅታቸውና ሽብሽቡ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ይወጣሉ። የኛ ከተማ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ደግሞ ሽብሽቡ ውስጥ ገብቶ በየእርምጃው ይፈገፍገዋል። ስለዚህ ቀለም ከመቀባት በፊት በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን ማውጣት ይቀድማል። በአቧራ ላይ ቀለም የሚደርብ ሊስትሮ ጫማውን ያሳምረዋል፤ አቧራውን ግን እዚያው ያትመዋል። ጫማው ከረጠበ ውስጡ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም ከሰል አጠገብ ማስቀመጥ ቆዳውን ያደርቀዋል። የምግብ ዘይትም አትቀቡ፤ ይሻግታል፣ አቧራም ይስባል። ትንሽ የቆዳ ክሬም በስሱ ይበቃል።

ፒዩ ሲንቴቲክ የሚሞትበት መንገድ ሌላ ነው። ብዙው ፒዩ በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ቀስ በቀስ ሰንሰለቱን ይበጣጥስበታል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። መጀመሪያ ሲነካ ይጣበቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በሰፊው ተላጦ ከሥሩ ያለው ጨርቅ ይወጣል። ሳይለበስም ይህ ይደርስበታል። ለበዓል ብቻ ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ቦርሳ አንድ ቀን ሲወጣ ትከሻ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ የሚያራግፈው ለዚህ ነው። በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥ እርጥበቱን ይዞ ያቆይበታል፤ በጨርቅ ከረጢት ይሻላል። የጫማ ቀለም መልኩን ይሸፍንለት ይሆናል እንጂ የተበጠሰውን አይመልስም። በቤንዚን ማጽዳት ጭራሽ ያባብሰዋል።

ፒቪሲ ደግሞ አይላጥም። የሚያለሰልሰው ቅመም ቀስ በቀስ ስለሚወጣ ይደርቃል፤ አንድ ቀን መታጠፊያው ላይ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስል ይከፈላል። የተሸፈነው ቆዳ በእውነተኛ ቆዳና በሲንቴቲክ መካከል ነው፦ ሽፋኑ እንደ ሲንቴቲኩ ይላጣል፣ ከሥሩ ያለው ግን አይቀደድም። ከላይ ያልኩት ደንበኛ ጫማ የተረፈው በዚህ ነው። ጋሼ የተነሳውን ቅርፊት ሁሉ አወጡለት፣ ጠርዙን በስስ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት፣ ጸጉራሙን ወደታች ተጭነው ማቅለሚያ ደጋግመው ቀቡት። ከሩቅ አይታይም። ሆኖም ያልተነሳው ሽፋን ወደፊት እንደሚቀጥል በግልጽ ነግረውታል።

አንድ ነገር ላስታውስ፦ ላዩ ምርጥ ቆዳ ሆኖ ሶሉ ፒዩ የሆነ ጫማ አለ። ሶሉም ያው የፒዩ ሕመም አለበት። ብዙ ዓመት ተቀምጦ ሲለበስ መንገድ ላይ ይፈራርሳል። እንዲህ ያለ ጫማ ሲመጣ ላዩ ጤነኛ ከሆነ ሶል መቀየር ያዋጣል። ላዩም ፒዩ ከሆነ ግን አዲስ ሶል ማስለጠፍ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን እጄ ላይ ያለው የእህቴ የፒዩ ቦርሳ ነው። ገላው ደህና ነው፤ ላብ፣ የእጅ ቅባትና መታጠፍ የሚበዛበት ማንጠልጠያው ብቻ አልቋል። እሱን በቆዳ ልቀይረው ነው። ቁርጥራጩን ከጀርባ በኩል ካለው ጠንካራ ቦታ መርጫለሁ፤ የሆድ በኩሉ ሳሳ ያለ ስለሆነ ክብደት ሲሸከም ይለጠጣል። ሲሰፋ መርፌው ከቦርሳው ገላ ላይ የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ብቻ ተከትሎ እንዲገባ እያደረግኩ ነው። ሲንቴቲክ ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲቀራረብ መስመሩን ይዞ ይቀደዳል። ከውስጥ በኩልም ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ደግፌ ነው የምሰፋው፤ ክብደቱ ያረጀው ፒዩ ላይ ሳይሆን ቁራጩ ላይ እንዲያርፍ።