የለካሁት አሮጌውን መቀመጫ ነበር

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሚገኝ 18 ቤቶች ባሉት የኪራይ ሕንፃ የጥገና ሠራተኛ ሆኜ እሠራለሁ። ከተከራዮቹ መካከል የአገራችን ሰዎች ብዙ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሕንፃው ኃላፊ የሁሉም ቤቶች የሽንት ቤት መቀመጫ አርጅቷልና በአንድ ጊዜ ይቀየር ብሎ አዘዘኝ። ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ስለሆነ፣ በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁም ሆነ የራሳችሁን ቤት መቀመጫ ለመቀየር ላሰባችሁ በዝርዝር ልጽፈው ወደድሁ።

አነጋገሬ እንዳያምታታ አስቀድሜ ልለይ፤ ሸክላ የምለው ወለሉ ላይ የታሰረውን የሴራሚክ ገላ ነው፣ መቀመጫ የምለው ደግሞ በላዩ የሚታሰረውን ቀለበትና ክዳን ነው። በአሜሪካ ሸክላዎች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ቅርጽ አላቸው፦ ክብና ሞላላ። ሁለቱም ከኋላቸው መቀመጫው የሚታሰርባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ያሏቸው ሲሆን፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት በሁለቱም ላይ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ያለው ርዝመቱ ላይ ነው። ከቀዳዳዎቹ መስመር እስከ ሸክላው የፊት ጠርዝ ሲለካ ክቡ 42 ሴንቲ ሜትር፣ ሞላላው 47 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የቀዳዳዎቹ ርቀት አንድ መሆኑ ለስሕተት ይጋብዛል፤ የሞላላ መቀመጫ ብሎን በክብ ሸክላ ቀዳዳ ውስጥ ያለ ምንም ችግር ይገባል፣ ዳዶውም ይጠብቃል፣ ሥራው ያለቀም ይመስላል።

ግዢውን ከማዘዜ በፊት ሜትር ይዤ በ18ቱም ቤት ዞሬአለሁ። በየቤቱ ግን የለካሁት አሮጌውን መቀመጫ ነበር፤ ክዳኑ ላይ ሜትሩን ዘርግቼ ርዝመቱን እጽፍና ወደሚቀጥለው ቤት እሄዳለሁ። 11 ሞላላ፣ 7 ክብ ብዬ መዘገብሁ፣ በዚያው ልክ ታዘዘ፣ በሁለት ቀንም ሁሉንም ገጠምሁ። የመረጥኋቸው ቀላል የፕላስቲክ፣ ቀስ ብለው የሚዘጉ መቀመጫዎች ነበሩ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ላይ፣ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ስልክ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ያ ያስገባህልኝ መቀመጫ ከሥሬ ሸሸብኝ። እጅ መታጠቢያውን ይዤ ነው የተረፍሁት» አሉኝ።

«እማማ፣ ተጎድተዋል? አሁኑኑ መጣሁ» ብዬ ሮጥሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን አልተጎዱም። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ሲነሡ ሁለት እጃቸውን በመቀመጫው የፊት ጠርዝ ላይ ተደግፈው ነው የሚነሡት። ተንበርክኬ ከጎን ስመለከት መቀመጫው ከሸክላው ጠርዝ አልፎ ሦስት ጣት ያህል ወደ ፊት ተንጠልጥሏል። ክዳኑን አንሥቼ የቀለበቱን ሥር አየሁ። ከሥሩ አራት ትንንሽ የጎማ እግሮች አሉ፤ ክብደቱን ሸክላው ላይ የሚያሳርፉት እነርሱ ናቸው። የፊተኞቹ ሁለቱ ከሸክላው ጠርዝ ውጭ፣ አየር ላይ ነበሩ። እማማ ፊት ለፊቱን በተጫኑት ቁጥር መቀመጫው እንደ ሚዛን ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ከኋላ ደግሞ ማጠፊያውን ወደ ላይ ይነቅላል። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንደኛው የፕላስቲክ ብሎን ላልቶ ወጥቷል፣ ሌላው ተሰንጥቋል። ፊተኞቹ ጎማዎች አዲስ እንደወጡ ንጹሕ ናቸው፤ ኋለኞቹ ላይ ግን ሸክላው የተወው ግራጫ ምልክት ነበረ።

ሸክላውን ለካሁት፤ 42 ሆነ። ክብ ነው። አሮጌው መቀመጫ ግን 47 እንደነበር መዝገቤ ላይ ተጽፏል። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ፣ ወይም ከእርሱም በፊት የነበረው፣ በክብ ሸክላ ላይ ሞላላ መቀመጫ አስሮ ሄዷል፤ እኔም ያንን ስሕተት ለክቼ፣ ጽፌ፣ አዲስ ገዝቼለታለሁ።

«ድሮስ ይህ አያስቸግርዎትም ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የድሮው ከባድ ነበር፤ ቢነቃነቅም አይሸሽም። እኔም ወደ ኋላ ጠጋ ብዬ መቀመጥ ለምጄ ነበር» አሉኝ።

ይህ መልሳቸው ስለ ቁሳቁሱ ብዙ አስተማረኝ። አሮጌው ከተፈጨና ከተጨመቀ እንጨት የተሠራ፣ በላዩ ወፍራም ነጭ ቀለም የተቀባ ነበር። ይህ ዓይነቱ ክብደት ስላለውና ስለማይተጣጠፍ፣ ቅርጹ ባይገጥም እንኳ ስሕተቱን ለረጅም ጊዜ ይሸከማል። ቀላሉ ፕላስቲክ ግን፣ ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው፣ ሰው ሲቀመጥበት በመጠኑ ይለመጣል፤ ወደ ጎንም ይንሸራተታል። በትክክለኛው ሸክላ ላይ አራቱም ጎማዎች ካረፉ ይህ ምንም ጉዳት የለውም። ጎማው ያላረፈ እንደሆነ ግን የሰው ክብደት በሙሉ ወደ ሁለቱ ብሎኖች ይሄዳል።

እንጨቱ ታዲያ ሁልጊዜ ይሻላል ማለቴ አይደለም። ቀለሙ አንድ ቦታ ላይ ከተፈነከተ ውኃና ሽንት ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ እንጨቱ ያብጣል፣ ጠርዙ እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረካከሳል፤ ከዚያ በኋላ ሽታውን በማጠብ ማጥፋት አይቻልም። ትንንሽ ልጆች ባሉበት፣ ወለሉ በየቀኑ በውኃ በሚታጠብበት ቤት ፕላስቲኩን እመርጣለሁ። በአውሮፓና በአገር ቤት ገበያ ደግሞ ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ከሚባል ጠንካራ ሙጫ የሚሠራ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ እንደ ሸክላ ያብረቀርቃል፣ በቀላሉ አይጫርም፣ አይለመጥም፤ ሲታሰር ከእጅ ካመለጠና ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ግን ይሰበራል።

የእማማን ጉዳይ ካየሁ በኋላ 18ቱንም ቤቶች እንደገና ዞርሁ። በዚህ ጊዜ የለካሁት ሸክላውን ነበር፤ የብሎን ክዳኖቹን ከፍቼ፣ በሁለቱ ብሎኖች መካከል ማስመሪያ አጋድሜ፣ ከማስመሪያው መሐል እስከ ሸክላው የፊት ጠርዝ ለካሁ። ሜትሩን ከኋላ ካለው የውኃ ታንከር ጀምሮ መዘርጋት አይጠቅምም፤ ታንከሩ በየሞዴሉ ይቀርባል ወይም ይርቃል። ሌላ አንድ ቤት እንደዚሁ ተሳስቼ አገኘሁ። እዚያ የተገላቢጦሽ ነበር፤ በሞላላ ሸክላ ላይ ክብ መቀመጫ ታስሮ ከፊቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ባዶ ሸክላ ይታያል። ይህኛው ማንንም አይጥልም፤ ነገር ግን ሰው የሚቀመጠው በቀዝቃዛው ሴራሚክ ጠርዝ ላይ ነው፣ ቆሻሻም በዚያው ይሰበሰባል።

በዚያው ዙር ሌላም ነገር አየሁ። አራት ልጆች ባሉበት ቤት ቀስ ብሎ የሚዘጋው ክዳን በአንድ ወር ውስጥ በኃይል መውደቅ ጀምሯል። በማጠፊያው ውስጥ ጣት የምታህል ሲሊንደር አለች፤ በውስጧ ወፍራም የሲሊኮን ቅባት አለ፤ ክዳኑ ሲወርድ በሲሊንደሯ ውስጥ ያለችው ክንፍ ያንን ቅባት እየገፋች ስለምትዞር ፍጥነቱ ይቀንሳል። በብዙዎቹ ላይ አንደኛው ወገን ክዳኑን፣ ሌላኛው ወገን ቀለበቱን ይቆጣጠራል። ስለዚህ ክዳኑ እየወደቀ ቀለበቱ ደኅና ቢሆን የሞተው አንዱ ሲሊንደር ብቻ ነው። የሚገድለውም እጅ ነው። በራሱ እንዲወርድ መለቀቅ ያለበትን ክዳን ልጆቹ እንደ ድሮው ይጫኑታል፤ በዚህ ጊዜ ክንፏ ትሰበራለች። እናታቸውን «ለልጆቹ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩልኝ፤ ትንሽ ገፋ አድርገው ይልቀቁት» አልኋቸው፤ እኔም መለዋወጫ ሲሊንደር ለብቻው የሚሸጥለትን ዓይነት መቀመጫ ቀየርሁላቸው። ሲገዛ ይህንን መጠየቅ ይገባል፤ አለዚያ በአንዲት ትንሽ ዕቃ ምክንያት መቀመጫው በሙሉ ይጣላል።

በሱቅ ውስጥ ማሳያ ካለ ክዳኑን ወደ ላይ አንሥቼ እለቀዋለሁ። እስከ መጨረሻው በአንድ ፍጥነት ከወረደ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ መጨረሻ ላይ ጠብ የሚል ከሆነ እተወዋለሁ። ክረምት ላይ በቀዘቀዘ መታጠቢያ ቤት ቅባቱ ስለሚወፍር አወራረዱ ይበልጥ ይዘገያል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ማጠፊያው ከማይዝግ ብረት ቢሆን ይመረጣል፤ በረኪና ሸክላው ውስጥ ጨምሮ ክዳኑን መዝጋት በተለመደበት ቤት ኒኬል የተቀባው ብረት ከሥሩ ሲበላ አይቻለሁ።

ለእማማ የመረጥሁት ክብ፣ የእንጨት፣ አራት ጎማ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ነበር። የእንጨቱ ጉድለት ውኃ ቢሆንም፣ ብቻቸውን የሚኖሩና ወለላቸውን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ የሚወለውሉ ስለሆኑ እርሱ አላሳሰበኝም፤ የሚያስፈልጋቸው የማይሸሽ ነገር ነው። ብሎኖቹን በእጄ አጥብቄ፣ ቀለበቱን ግራ ቀኝ አስተካክዬ፣ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ጨመርሁ፤ ከዚያ በላይ ከጠበቀ ሴራሚኩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ክዳኑንም ከፍቼ ወደ ታንከሩ ዘንበል ብሎ መቆሙን አየሁ፤ ታንከሩ ቀርቦ ቀጥ ብሎ ብቻ የሚቆም ክዳን በጥቂት ንዝረት ተመልሶ ይወድቃል።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት ከሸክላው ጠርዝና ከፊተኛው ጎማ መካከል አስገብቼ እማማን ቁጭ እንዲሉ ለመንኋቸው። ወረቀቱን ስስብ አልወጣም፤ ጎማው ይዞታል። «አሁን እንደ ልማድዎ ተደግፈው ይነሡ» አልኋቸው። ሁለት እጃቸውን ፊት ለፊት አሳርፈው ተነሡ፤ መቀመጫው ንቅንቅ አላለም።

የታንከሩን ክዳን ገልብጬ በውስጥ በኩል በማይለቅ ቀለም «ክብ፣ 42፣ ከሸክላው የተለካ» ብዬ ጻፍሁና መልሼ ገጠምሁት። በቀሩት 17 ቤቶችም እንዲሁ ጽፌአለሁ።